የመኪናን ዕድሜ ከሻንሲ ቁጥሩ የማረጋገጥ መመሪያ

በባሕር ዳር ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ስለ መኪናው መጀመሪያ የሚሰማው ሞዴሉን ነው። ደላላው «የ2013 ሞዴል ኮሮላ» ብሎ ይጀምራል፤ ዋጋውም፣ ድርድሩም፣ ገዢው ከቁጠባው ላይ ከባንክ ወይም ከዘመድ የሚያሟላው ገንዘብም በዚያ ዓመት ላይ ተመሥርቶ ይሰላል። በሊብሬው ላይ የተጻፈው ዓመት ብዙውን ጊዜ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ሊብሬው የተዘጋጀው መኪናው ወደ አገር ሲገባ ከቀረበው ሰነድ ተገልብጦ በመሆኑ፣ በሰነዱ ላይ የነበረ ስሕተት ወይም ሆን ተብሎ የተደረገ ለውጥ አብሮ ሊገለበጥ ይችላል። በተለይ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ የሚጣለውን ታክስ ከዕድሜያቸው ጋር ካያያዘው ወዲህ፣ አንድን መኪና በወረቀት ላይ ወጣት ማድረግ በገንዘብ የሚተመን ጥቅም አለው።

ሊብሬውን መመዘን የሚቻለው መኪናው ራሱ በተሸከመው ማስረጃ፣ ማለትም በብረቱ ላይ በተቀረጸው የሻንሲ ቁጥር ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ደንብ «ከግራ ቆጥረህ አሥረኛውን ፊደል እይ፣ ዓመቱን ይነግርሃል» የሚለው ነው። ይህ ደንብ ለአሜሪካ፣ ለቻይናና ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ገበያ ለተሠሩ መኪኖች ይሠራል። ለአውሮፓ ገበያ በተሠሩት ብዙ መኪኖች ላይ ግን አሥረኛው ቦታ ስለ ዓመት ምንም አይናገርም፤ አንዳንዴም ጭራሽ የሚያሳስት ዓመት ያስነብባል። ስለዚህ ከአሥረኛው በፊት ሌሎቹን ማንበብ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የቀረበው ቅደም ተከተልም ለዚሁ የተዘጋጀ ነው።

የቁጥሩ አቀማመጥ

ከ1981 ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጡ መኪኖች ሁሉ 17 ምልክት ያለው የሻንሲ ቁጥር እንዲኖራቸው ግዴታ ሆኗል። በዓለም አቀፍ ደረጃ ደግሞ አቀማመጡን አይ ኤስ ኦ 3779 የተባለው ደረጃ ይወስናል። አሥራ ሰባቱ ምልክቶች በሦስት ክፍል ይነበባሉ። ከ1ኛው እስከ 3ኛው ያሉት አምራቹን ይለያሉ። ከ4ኛው እስከ 9ኛው ያሉት የመኪናውን ዓይነት፣ ማለትም የቦዲውን ቅርጽ፣ የሞተሩን ዓይነትና የመሳሰለውን ይገልጻሉ። ከ10ኛው እስከ 17ኛው ያሉት ደግሞ ያንን አንድ መኪና ከመሰሎቹ ይለያሉ፤ በዚህ ክፍል ውስጥ 11ኛው ብዙውን ጊዜ የተሠራበትን ፋብሪካ ሲያመለክት፣ የመጨረሻዎቹ በተርታ የሚሰጡ መለያ ቁጥሮች ናቸው።

ዓለም አቀፉ ደረጃ በእርግጥ የሚያስገድደው ይህንን አከፋፈል ነው። 9ኛው ቦታ ማረጋገጫ እንዲሆንና 10ኛው ቦታ ዓመት እንዲሆን የሚያስገድዱት የየገበያው ሕጎች ናቸው። በአገራችን ከአሜሪካም፣ ከአውሮፓም፣ ከዱባይም፣ ከቻይናም የመጡ መኪኖች ጎን ለጎን ስለሚሸጡ፣ አንዱን ገበያ ብቻ የሚያውቅ ሰው በሌላው ላይ መሳሳቱ አይቀርም።

ደረጃ 1፦ ቁጥሩን ከብረቱ ላይ መገልበጥ

ሥራው የሚጀመረው ከሊብሬው ሳይሆን ከመኪናው ነው። የአሜሪካና የቻይና መኪኖች ላይ ቁጥሩ በሾፌሩ በኩል ከፊት መስታወቱ ሥር፣ በዳሽቦርዱ ጠርዝ ላይ በተገጠመች ጠባብ ሰሌዳ ስለሚታይ ከውጭ ሆኖ ማንበብ ይቻላል። ይህች ሰሌዳ ግን ልትነቀልና ልትተካ ስለምትችል፣ በቦዲው ብረት ላይ በቀጥታ የተቀረጸውን ቁጥር መፈለግ ግድ ነው። በብዙ የቶዮታ የቤት መኪኖች ላይ ይህ ቁጥር ከፊት ወንበር ሥር ባለው ወለል ላይ፣ በምንጣፉ ላይ በተቆረጠች ትንሽ ክዳን ሥር ይገኛል፤ በሌሎች ደግሞ ኮፈኖው ሲከፈት የሞተሩን ክፍል ከጋቢናው በሚለየው ግድግዳ ላይ ይታያል። እንደ ሂሉክስ ባሉ ፒክአፖች ላይ በቀኝ የፊት ጎማ አጠገብ በሚያልፈው የሻንሲ ብረት ላይ ተቀርጿል። ከፎገራ ሜዳ የተመለሰ ሂሉክስ ያንን ቦታ በጥቁር አፈር ሸፍኖት ስለሚመጣ፣ ሻጩ መኪናውን ከማሳየቱ በፊት በውሃ እንዲያጥበው መጠየቅ ተገቢ ነው። አፈሩን በሽቦ ብሩሽ መፈግፈግ ግን ቀለሙን ስለሚያነሳና ኋላ ላይ የሚመጣ መርማሪ ቁጥሩ ተነክቷል ብሎ እንዲጠረጥር ስለሚያደርግ አይመከርም።

ሲገለብጡ አንድ ደንብ ያስታውሱ፦ በሻንሲ ቁጥር ውስጥ I፣ O እና Q የተባሉት ፊደላት የሉም። የተተዉትም ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ ነው። ስለዚህ ክብ የሆነ ምልክት ካዩ ዜሮ ነው፤ ቀጥ ያለ ነጠላ መስመር ካዩ 1 ነው። ሊብሬው ላይ O ተጽፎ ካገኙ የጻፈው ሰው ዜሮን በፊደል ተክቷል ማለት ነው። ይህ ብቻውን የማጭበርበር ምልክት አይደለም፤ ነገር ግን ቁጥሩ በሌላ ቦታ ሲፈለግ እንዳይገኝ ስለሚያደርግ ከሽያጩ በፊት ሊስተካከል ይገባል። ሌሎቹ በተደጋጋሚ የሚምታቱት B እና 8፣ S እና 5፣ G እና 6፣ Z እና 2 ናቸው፤ የተቀረጸው ብረት ሲቆሽሽ ልዩነታቸው በዓይን በቀላሉ አይለይም።

ከአዲስ አበባ ሊገዙ ያሰቡ ከሆነ፣ ዓባይን ከመሻገርዎ በፊት ሻጩ የተቀረጸውን ቁጥር ፎቶ፣ የሾፌሩን በር ምሰሶ ፎቶና የሊብሬውን ገጽ እንዲልክልዎ ይጠይቁ። ከዚህ በታች ካሉት ደረጃዎች አብዛኞቹን ባሕር ዳር ተቀምጦ በእነዚህ ሦስት ፎቶዎች መጨረስ ይቻላል።

ደረጃ 2፦ ከፊት ያሉትን ሦስት ምልክቶች ማንበብ

የመጀመሪያው ምልክት አምራቹ የተመዘገበበትን የዓለም ክፍል ወይም አገር ያመለክታል። 1፣ 4 እና 5 አሜሪካ፣ 2 ካናዳ፣ 3 ሜክሲኮ ናቸው። J ጃፓን፣ K ደቡብ ኮሪያ፣ L ቻይና፣ W ጀርመን፣ Z ጣሊያን ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጡት ሁለቱ ምልክቶች አምራቹን ያጠብባሉ። በከተማችን ከሚታዩት መካከል ጥቂቱን ለመጥቀስ፣ በሕንድ የተሠራ ባለ ሦስት እግር ባጃጅ ቁጥሩ በ MD2 ይጀምራል፤ የጃፓን አይሱዙ በ JA፣ ሲኖትራክ በ LZZ፣ በቻይና የተሠራው ቮልስዋገን አይዲ እንደ አምራቹ በ LFV ወይም በ LSV ይጀምራል።

ቶዮታ ላይ ይህ ክፍል ትልቅ ጥቅም አለው፤ ምክንያቱም ቶዮታ በብዙ አገር ስለሚሠራ የፊተኞቹ ምልክቶች መኪናው ለየትኛው ገበያ እንደተሠራ ፍንጭ ይሰጣሉ። በ2T1 የሚጀምር ኮሮላ በካናዳ ለሰሜን አሜሪካ ገበያ የተሠራ ነው። SB1 እንግሊዝ፣ NMT ቱርክ፣ VNK ፈረንሳይ ናቸው፤ በብዛት ቪትዝ ተብለው ከሚጠሩት ትንንሽ መኪኖች መካከል በፈረንሳይ የተሠሩት ያሪሶች በዚህ በመጨረሻው ይጀምራሉ። በJT የሚጀምረው ግን ጃፓን ተሠርቶ ወደ የትም የተላከ ሊሆን ስለሚችል፣ ገበያውን ለማወቅ ቀጣዮቹን ደረጃዎች መጠበቅ ያስፈልጋል።

ቁጥሩ 17 ሳይሞላ በመሃሉ ሰረዝ ያለው አጭር ሆኖ ከተገኘ፣ መኪናው ለጃፓን የውስጥ ገበያ የተሠራ ነው። እነዚህ መኪኖች መሪያቸው በቀኝ በኩል ስለሆነ እዚህ ብርቅ ናቸው፤ የዚህ መመሪያ ስሌትም በእነሱ ላይ አይሠራም።

ደረጃ 3፦ ዘጠነኛውን ምልክት በስሌት መፈተን

ይህ ደረጃ ብዙዎች የሚዘሉት፣ በእኔ ግምት ግን ከሁሉም የበለጠ ጠቃሚው ነው። በሰሜን አሜሪካና በቻይና ገበያ 9ኛው ምልክት ስለ መኪናው ምንም አይገልጽም፤ ሥራው የቀሩትን አሥራ ስድስቱን መጠበቅ ብቻ ነው። ከእነሱ አንዱ እንኳ ተሳስቶ ቢጻፍ ወይም ቢለወጥ፣ ስሌቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ9ኛው ምልክት ጋር አይገጥምም። ለመሥራት እስክሪብቶ፣ ወረቀትና የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል።

በመጀመሪያ እያንዳንዱ ፊደል በቁጥር ይተካል። አኃዞች እንዳሉ ይቀመጣሉ፤ ፊደላት ግን የሚከተለው ዋጋ አላቸው።

```
A1 B2 C3 D4 E5 F6 G7 H8
J1 K2 L3 M4 N5 P7 R9
S2 T3 U4 V5 W6 X7 Y8 Z9
```

ቀጥሎ የእያንዳንዱ ቦታ ዋጋ ለቦታው በተመደበው ማባዣ ይባዛል። ማባዣዎቹ ከግራ ወደ ቀኝ 8፣ 7፣ 6፣ 5፣ 4፣ 3፣ 2፣ 10፣ 0፣ 9፣ 8፣ 7፣ 6፣ 5፣ 4፣ 3፣ 2 ናቸው። 9ኛው ቦታ ላይ ያለው ማባዣ ዜሮ የሆነው ማረጋገጫው ራሱን እንዳይቆጥር ነው። ብዜቶቹ ተደምረው ድምሩ ለ11 ይካፈላል። ከማካፈሉ የሚተርፈው ቀሪ 9ኛው ቦታ ላይ ካለው ምልክት ጋር እኩል መሆን አለበት። ቀሪው 10 ከሆነ በአንድ ቦታ ስለማይጻፍ X ይቀመጣል።

በምሳሌ እንየው። ደላላው «የ2013 ሞዴል፣ ከአሜሪካ የገባ» ያለው ኮሮላ ቁጥሩ 2T1BU4EE3DC000000 ነው እንበል። የመጨረሻዎቹን ስድስት አኃዞች ሆን ብዬ ዜሮ ያደረግኋቸው ቁጥሩ የማንም መኪና እንዳይሆንና ስሌቱ እንዲያጥር ነው።

```
ምልክት  2  T  1  B  U  4  E  E  3  D  C
ዋጋ     2  3  1  2  4  4  5  5  -  4  3
ማባዣ   8  7  6  5  4  3  2 10  0  9  8
ብዜት  16 21  6 10 16 12 10 50  0 36 24
```

ድምሩ 201 ነው። 11 በ18 ሲባዛ 198 ስለሚሆን ቀሪው 3 ነው። 9ኛው ምልክትም 3 ስለሆነ ቁጥሩ እርስ በርሱ ይስማማል።

አሁን ሻጩ በወረቀት ላይ መኪናውን በሁለት ዓመት ለማሳነስ አሥረኛውን D ወደ F ለውጦታል እንበል። የF ዋጋ 6 ነው፤ በ9 ሲባዛ 54 ይሆናል፤ ድምሩም ከ201 ወደ 219 ከፍ ይላል። 219 ለ11 ሲካፈል 10 ይተርፋል፤ ስለዚህ 9ኛው ቦታ ላይ መኖር የነበረበት X ነው። ወረቀቱ ላይ ግን 3 ተቀምጧል። ሻጩ ስለ ማረጋገጫው የማያውቅ ከሆነ ለውጡ በዚህች ስሌት ይጋለጣል።

ያው ስሌት ተንኮል የሌለበትን ስሕተትም ይይዛል። ገልባጩ አራተኛውን B እንደ 8 ቢያነበው፣ ብዜቱ ከ10 ወደ 40 ያድጋል፣ ድምሩ 231 ይሆናል፣ ቀሪውም 0 ይሆናል። ስለዚህ ስሌቱ ሳይገጥም ሲቀር ሻጩን ከመወንጀል በፊት ወደ ብረቱ ተመልሶ የሚምታቱትን ምልክቶች እንደገና ማየት ያስፈልጋል። በተግባር አለመግጠም ከሚመጣባቸው ምክንያቶች አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚገኘው ይኸው የንባብ ስሕተት ነው።

ማረጋገጫው የማይዛቸው ነገሮችም አሉ። ተመሳሳይ ዋጋ ያላቸው ምልክቶች ቢለዋወጡ፣ ለምሳሌ B በ2 ወይም በS ቢተካ፣ ድምሩ አይለወጥም። ስሌቱን የሚያውቅ ሰው ዓመቱን ለውጦ 9ኛውንም አብሮ ሊያስተካክል ይችላል። ከሌላ ትክክለኛ መኪና ላይ ሙሉ በሙሉ የተቀዳ ቁጥርም ያለ እንከን ያልፋል። ስለዚህ የስሌቱ መግጠም ቁጥሩ በትክክል የተጻፈ መሆኑን ያሳያል እንጂ የዚያ መኪና መሆኑን አያረጋግጥም።

ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩ መኪኖች ይህን ስሌት የመከተል ግዴታ የለባቸውም። በSB1 ወይም በW የሚጀምር ቁጥር ስሌቱን ባያሟላ ምንም ጥርጣሬ አያስነሳም፤ ቢያሟላም ምንም አያረጋግጥም። አንዳንድ የጀርመን አምራቾች በ9ኛውና በአንዳንድ ሌሎች ቦታዎች ላይ Z ደጋግመው የሚያስቀምጡት ቦታውን ለመሙላት ብቻ ነው።

ደረጃ 4፦ አሥረኛውን ምልክት ማንበብ

መኪናው ዓመትን ከሚያስገድድ ገበያ የመጣ መሆኑ ከታወቀ በኋላ አሥረኛው ምልክት በሚከተለው መሠረት ይነበባል። ከ2001 እስከ 2009 ያሉት ዓመታት በአኃዝ፣ ከ1 እስከ 9 ይጻፋሉ፤ ከዚያ ወዲህ ያሉት በፊደል ናቸው።

```
A 2010  B 2011  C 2012  D 2013  E 2014  F 2015
G 2016  H 2017  J 2018  K 2019  L 2020  M 2021
N 2022  P 2023  R 2024  S 2025
```

ከሦስቱ የተከለከሉ ፊደላት በተጨማሪ U፣ Z እና 0 ለዓመት አያገለግሉም። ዑደቱ በየ30 ዓመቱ ስለሚደገም D 1983ም ሊሆን ይችላል። ከባሕር ዳር ገበያ አንጻር ይህ ብዙ አያሳስብም፤ የ1983 ኮሮላና የ2013 ኮሮላ በመልክ አይምታቱም። ለሰሜን አሜሪካ የተሠሩ የቤት መኪኖችና ቀላል ፒክአፖች ላይ ግን የተጻፈ መፍትሔ አለ፦ 7ኛው ምልክት አኃዝ ከሆነ ዓመቱ ከ2010 በፊት ነው፤ ፊደል ከሆነ 2010 ወይም ከዚያ በኋላ ነው። በምሳሌያችን 7ኛው E ስለሆነ D ማለት 2013 ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት መደናገር አለ። የመጀመሪያው የዘመን አቆጣጠር ነው። ቁጥሩ የሚናገረው ሁልጊዜ በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ የ2013 ሞዴል በእኛ አቆጣጠር ከ2005 እስከ 2006 ዓ.ም. የሚውል ነው። ደላላና ሻጭ «ሞዴል» ሲሉ የፈረንጁን ማለታቸው ቢሆንም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መኪና የሚገዛ ሰው 2013ን በእኛ ቆጥሮ መኪናው የጥቂት ዓመት ዕድሜ ብቻ ያለው ሊመስለው ይችላል።

ሁለተኛው ረቀቅ ይላል። ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩ መኪኖች ላይ አሥረኛው ምልክት የሞዴሉን ዓመት እንጂ መኪናው ከፋብሪካ የወጣበትን ዓመት አይናገርም። አምራቾች የሚቀጥለውን ዓመት ሞዴል አስቀድመው መሥራት ስለሚጀምሩ፣ D ያለበት ኮሮላ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. አካባቢ፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 2012 የተሠራ ሊሆን ይችላል። ታክስንም ሆነ ዋጋን ከተሠራበት ጊዜ ጋር ለሚያያይዝ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ደግነቱ የአሜሪካ መኪኖች ላይ የሾፌሩ በር ሲከፈት በምሰሶው ወይም በበሩ ጠርዝ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ውስጥ የተሠራበት ወርና ዓመት፣ ለምሳሌ 08/12 ተብሎ ታትሟል። የቻይና መኪኖችም በአምራቹ ሰሌዳ ላይ አራት አኃዝ ያለው ዓመትና ሁለት አኃዝ ያለው ወር ስላላቸው፣ የቀረው ጽሑፍ በቻይንኛ ቢሆንም ቀኑን ለማንበብ አያስቸግርም።

ደረጃ 5፦ አሥረኛው ዜሮ ሲሆን

ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው። ለአውሮፓ የተሠራ ቶዮታ አሥረኛው ቦታው ላይ በአብዛኛው 0 አለበት። 0 በዓመት ሰንጠረዡ ውስጥ የለም፤ ቢሆንም «ዜሮ ማለት 2000 ነው» የሚል ንግግር ሰምቼ አውቃለሁ፤ 2010 ነው የሚልም አለ። ሁለቱም ስሕተት ነው፤ 2000 Y ነው፣ 2010 A ነው። ዜሮው ቦታውን ከመሙላት በቀር ትርጉም የለውም።

ከዚህ የባሰው የአውሮፓ መርሴዲስ ነው። በእሱ ላይ አሥረኛው ምልክት የሚያመለክተው መሪው ያለበትን ጎን ሲሆን፣ 1 ግራ፣ 2 ቀኝ ነው። እዚህ የሚነዱት የግራ መሪ ስለሆኑ 1 ይኖራቸዋል፤ ሰንጠረዡን በቃሉ የያዘ ገዢም ሁሉንም 2001 ሞዴል አድርጎ ያነባቸዋል። የ1996ቱም የ2005ቱም መኪና በዚህ ንባብ እኩያ ይሆናሉ።

እንዲህ ባሉት መኪኖች ላይ ዓመቱ የሚፈለገው ከቁጥሩ ውጭ ነው። ቀላሉና ብዙም የማይዋሸው መንገድ የወንበር ቀበቶዎቹን እስከ መጨረሻው ስቦ ከሥር የተሰፋውን ጨርቅ ማንበብ ነው፤ አብዛኞቹ ቀበቶዎች የተሠሩበት ቀን ታትሞባቸዋል። ቀበቶው ከመኪናው ጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ቀድሞ የተሠራ ስለሚሆን፣ ሊብሬው ከሚለው ዓመት ጋር ተቀራራቢ መሆን አለበት። አራቱም ቀበቶዎች 2006 እያሉ ሊብሬው 2010 የሚል ከሆነ ማብራሪያ መጠየቅ ያስፈልጋል። አንዱ ቀበቶ ብቻ ከሌሎቹ የሚለይ ከሆነ ግን ምናልባት ከአደጋ በኋላ የተቀየረ ነው፤ ይህም ራሱ ሊታወቅ የሚገባው ነገር ነው። የጎማዎቹ ቀን ግን ጎማ ስለሚቀየር ለዚህ አይረባም።

ሁለተኛው መንገድ መኪናው ከመጣበት አገር የነበረው የመመዝገቢያ ወረቀት ቅጂ ነው። እሱ ላይ ያለው ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበበት ቀን ስለሆነ፣ መኪናው ከዚያ ቀን በፊት የተሠራ መሆኑን ያረጋግጣል እንጂ መቼ እንደተሠራ በትክክል አይናገርም። ሦስተኛው፣ የመለዋወጫ ዕቃ ሻጮች የሚጠቀሙበት የአምራቹ ካታሎግ ነው፤ ሙሉው የሻንሲ ቁጥር ሲገባበት የተሠራበትን ወር የሚያሳይ ስለሆነ፣ የቶዮታ ዕቃ በካታሎግ የሚያዝ ነጋዴ የሚያውቁ ከሆነ መጠየቁ አይጎዳም። በኢንተርኔት በነጻ የሚገኘው የአሜሪካ መንግሥት መፍቻ, vpic.nhtsa.dot.gov/decoder, ለአሜሪካ ገበያ ለተሠሩ መኪኖች እጅግ ጥሩ ነው፤ ለአውሮፓና ለባሕረ ሰላጤው መኪኖች ግን ባዶ ወይም የተሳሳተ ዓመት ቢመልስ የሚያስገርም አይደለም።

ደረጃ 6፦ ብረቱንና ቁጥሩን ማስታረቅ

ቁጥሩ በስሌትም በዓመትም ከተስማማ በኋላ የሚቀረው የዚያ መኪና መሆኑን ማየት ነው። የተቀረጸበትን ቦታ በባትሪ መብራት ከጎን አብርተው ይመልከቱ። የፋብሪካ ቅርጽ ምልክቶቹ እኩል ጥልቀት፣ እኩል ርቀትና አንድ ዓይነት ቅርጽ አላቸው። ከመካከላቸው አንዱ ጠለቅ ያለ ወይም ዘመም ያለ ከሆነ፣ ዙሪያው በግራይንደር የተፈገፈገ መስመር ካለው፣ ወይም ቀለሙ እዚያች ቦታ ላይ ብቻ አዲስ ከሆነ ሥራው የእጅ ነው። ከዚህ የሚከፋው ቁጥሩ ያለበት ላሜራ በሙሉ ተቆርጦ ከሌላ መኪና የመጣ ሲተካ ነው፤ በዚህ ጊዜ ምልክቶቹ ፍጹም ትክክለኛ ይመስላሉ፣ በአራት ማዕዘን ዙሪያቸውን የሚሄድ የብየዳ ወይም የስቱኮ መስመር ግን በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል። ምንጣፉን አንስቶ ከወለሉ በታች በኩልም ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ዝገት ብቻውን ግን አያስደነግጥም፤ ክረምት ላይ ውሃ የሚገባበት ወለል ቁጥሩን ማደብዘዙ የተለመደ ነው። በደበዘዘው ላይ ነጭ ወረቀት አስቀምጦ በእርሳስ ጎን ቀስ ብሎ ማሸት፣ በዓይን የማይነበበውን ብዙ ጊዜ ያወጣዋል።

ከዚያ ቁጥሩ የሚናገረውን ከመኪናው አካል ጋር ያነጻጽሩ። በምሳሌያችን ኮሮላ ላይ 5ኛው U የሚያመለክተው 1.8 ሊትሩን ሞተር ስለሆነ፣ የሞተሩ ቁጥር በ2ZR መጀመር አለበት። ሌላ ከሆነ ሞተሩ ተቀይሯል፤ ሞተር መቀየር በራሱ ጥፋት አይደለም፣ ነገር ግን ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር አሁን ካለው ሞተር ጋር መግጠም ይኖርበታል። ስካነር ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ደግሞ በሞተሩ ኮምፒውተር ውስጥ የተመዘገበውን የሻንሲ ቁጥር በአዳዲሶቹ መኪኖች ላይ ማውጣት ይችላል። ኮምፒውተሩም ከሌላ መኪና ተወስዶ ሊገጠም ስለሚችል የእሱ አለመግጠም ጥያቄ ያስነሳል እንጂ ፍርድ አይሰጥም። ብረቱ፣ የበሩ ወረቀትና ሊብሬው ሦስቱም አንድ ሳይሆኑ ሲቀሩ ግን ክፍያውን አቁሞ፣ ሊብሬውን የሰጠው የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ፋይሉ ላይ ያለውን ቁጥር ከብረቱ ጋር እንዲያመሳክር መጠየቅ ይገባል።

ሁሉም ከተስማማ፣ በሽያጭ ውሉ ላይ የሚሰፍረው የሻንሲ ቁጥር ከሊብሬው ሳይሆን እርስዎ ከብረቱ ከገለበጡት ወረቀት ይተየብ። የሚተይበው ሰው O እና 0ን፣ B እና 8ን ሊያምታታ ስለሚችል፣ መኪናው የአሜሪካ ወይም የቻይና ከሆነ ከመፈረምዎ በፊት የደረጃ 3ን ስሌት ውሉ ላይ በተተየበው ቁጥር አንድ ጊዜ ይድገሙት፤ የአውሮፓ ከሆነ ደግሞ ምልክቶቹን ከወረቀትዎ ጋር አንድ በአንድ ጮክ ብለው እያነበቡ ያመሳክሩ።